«አርጠዋል» አለኝ ወረቀቱ፤ ከ21 ቀን በኋላ ደም መጣ

ዛሬ ስለ ምንዛሪም ስለ ምርጫም አልጽፍም። ስለ አንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ነው የምጽፈው። ወረቀቷ የእኔ ናት። እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ይጻፋል ወይ የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ለእኔ ግን ነገሩ ከቤት ጓዳ አልፎ የኪስም የጤናም ጉዳይ ሆኖብኛል፤ ስለዚህ ወንዶችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። የምትጨነቅ ሚስት ወይም እህት ያለችው ሰው በዚህ ቻናል ጥቂት አይደለምና።

46 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬን ከልጅነቴ ጀምሮ የምይዘው እናቴ ባስተማረችኝ መንገድ፣ በታቦት ቀን ነው። «በአቦ መጣ፣ በሥላሴ ሄደ» እያልኩ። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁሉ እኩል 30 ቀን ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሂሳቡ አያስቸግርም። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ 28 ቀን ነበር፣ አንዳንዴ 27፣ አንዳንዴ 29። ከዚያ በላይ ተንቀሳቅሶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ግን እንዲህ ሆነ። መስከረም 7 መጣ። ቀጥሎ ጥቅምት 5፣ ማለትም በ28 ቀኑ፤ እንደ ወትሮው። ከዚያ ጥቅምት 26 መጣ፣ በ21 ቀን። ቀጥሎ ኅዳር 29፣ በ33 ቀን። ከዚያ ታኅሣሥ 23፣ በ24 ቀን። ከዚያ በኋላ ጠፋ። ጥር አለቀ፣ የካቲት ተጋመሰ፣ የለም።

በዚያው ሰሞን ሌሊት በላብ ተጠምቄ መንቃት ጀመርኩ። ደረቴ ላይ ድንገት ሙቀት ይነሳና አንገቴን አልፎ ፊቴ ላይ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያነደኛል፣ ከዚያ ብርድ ብርድ ይለኛል። መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ተባልኩና መድኃኒት ወሰድኩ። ቀጥሎ ለሳንባ ነቀርሳ አክታ ስጪ ተባልኩ። ነፃ ነኝ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የሆርሞን ምርመራ አድርጊ፣ አሁን በፓኬጅ ይሰጣሉ» አለችኝ። ሄድኩ። የካቲት 21 ነበር፣ ደም ካየሁ 58ኛ ቀኔ። ለምርመራው የከፈልኩት የሁለት ሳምንት አስቤዛችን ነው።

ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። ኤፍ ኤስ ኤች 41። ኢስትራዲዮል 16። ከመጀመሪያው ጎን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት፣ ከሁለተኛው ጎን ወደ ታች የምታመለክት ቀስት። ወረቀቱን ያነበበልኝ ወጣት ሐኪም ቀና ብሎ አየኝና «እናቴ፣ አርጠዋል። ጤናማ ነው፣ አይጨነቁ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። መጨረሻ ደም ያዩት መቼ ነው አላለኝም፤ እርግዝና ይኖር ይሆን አላለኝም፤ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ አላለኝም። ከኋላዬ ሃያ ሰው ተሰልፏል፤ እሱን ብቻ ለመውቀስ አልፈልግም።

«እናቴ» ያለኝ ነገር እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ወረቀቱን ተከትሎ የሆነው

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው ከወረቀቱ መደምደሚያ አወጣን፦ ካረጥኩ እንግዲህ አላረግዝም። ለዓመታት እንጠነቀቅ የነበረውን ጥንቃቄ ተውነው።

መጋቢት 12 ማለዳ ደም መጣ። ከምርመራው በ21ኛው ቀን፣ ካለፈው የወር አበባ በ79ኛው ቀን። የመጣው ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ሁለት ሞዴስ ደርቤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልፋል፤ የረጋ ደም አለው። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፤ አላቆመም።

ያን ሰሞን ያደረብኝን ፍርሃት ለመግለጽ ይከብደኛል። ካረጠች ሴት ደም ከታየ አደገኛ ምልክት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነትም ነው። ያረጠች ሴት የምታየው ደም ጠብታም ቢሆን የማህፀን ካንሰርን ለማስወገድ መመርመር አለበት። እኔ ደግሞ «አርጠዋል» ተብያለሁ። ስለዚህ በራሴ ጭንቅላት ካንሰር አለብኝ። ለልጆቼ የምናገረውን እያሰብኩ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። ሐኪም ጋ ለመሄድ እንኳ ፈራሁ።

በአሥረኛው ቀን፣ መጋቢት 21፣ ታላቅ እህቴ እጄን ይዛ ሌላ ቦታ ወሰደችኝ። እዚያም ያው ሁለት ቁጥር ታዘዘ። ኤፍ ኤስ ኤች 6.2። ኢስትራዲዮል 984።

ከ16 ወደ 984! እህቴ «የሌላ ሰው ደም ነው የሰጡሽ» አለች። እኔም ሌላ አላሰብኩም።

ጎረቤት ለቡና መጥራት

እዚያ ያገኘኋት ሐኪም በዕድሜ የበሰለች ሴት ናት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠችና ፈገግ አለች። «የሁለቱም ደም የአንቺ ነው፣ እህቴ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስህተቱ ከመካከላቸው አንዱን እንደ ፍርድ ማንበቡ ላይ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ያስረዳችኝን በራሴ ቃል ላስቀምጠው።

በአንጎላችን ሥር ፒቱታሪ የምትባል የባቄላ ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ከታች ደግሞ የዘር እንቁላል የሚይዙት ሁለት እንቁልጢዎች፣ ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሏቸው፣ አሉ። ፒቱታሪዋ ጎረቤቷን በአጥር ላይ ለቡና እንደምትጠራ ሴት ናት። ጥሪዋ ኤፍ ኤስ ኤች ነው። እንቁልጢዋ ጥሪውን ስትሰማ የእንቁላል ከረጢት ታሳድጋለች፤ እያደገ ያለው ከረጢት ኢስትራዲዮል ያመነጫል። ኢስትራዲዮል እንግዲህ «እሺ፣ መጣሁ» የሚለው መልስ ነው። መልሱ ሲሰማ ጠሪዋ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። መልስ ካልመጣ ትጮሃለች።

በወጣትነት ጎረቤቷ ሁልጊዜ ቤት ናት፤ በመጀመሪያው ጥሪ ትመልሳለች። ስለዚህ ጥሪው ለስላሳ ነው፤ በወር አበባ የመጀመሪያ ቀናት ኤፍ ኤስ ኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በታች ይሆናል። ዕድሜ አርባዎቹን ሲያጋምስ የቀሩት ከረጢቶች ጥቂት ናቸው። ጎረቤቷ ገና አልለቀቀችም፤ ግን አንዳንድ ቀን ቤት አትገኝም። በዚያ ቀን ጥሪው ጩኸት ይሆናል፦ 30፣ 41፣ 60። በሌላ ቀን ደግሞ ተመልሳ ትመጣና ያን ሁሉ ጩኸት አንድ ላይ ስትሰማ ከወትሮው አብልጣ ትመልሳለች። ያኔ ኢስትራዲዮል ከወጣትነት ጊዜ ሁሉ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ጥሪው ደግሞ ወዲያው ይወርዳል።

የካቲት 21 ደሜ የተወሰደው ጎረቤቷ ባልነበረችበት ቀን ነው። ጥሪው 41፣ መልሱ 16። መጋቢት 21 ደግሞ ቤት ነበረች፤ ያውም እየጮኸች ትመልስ ነበር። በአንድ ቀን ጩኸት ብቻ «ጎረቤቲቱ ሰፈር ለቃለች» ብሎ መደምደም ነው «አርጠዋል» ማለት።

ማረጥ የሚባለው ነገር በአንድ ቀን ደም አይታወቅም፤ ትርጉሙ የቀን ቆጠራ ነው። ሌላ ምክንያት ሳይኖር 12 ወር ሙሉ ደም ሳይታይ ሲቀር፣ ወደኋላ ዞረን የመጨረሻዋን የወር አበባ «ማረጥ እሷ ነበረች» እንላለን። 58 ቀን ሁለት ወር እንኳ አይሞላም።

ስለ 16 እና 984

ከ16 ወደ 984 የሚለው ዝላይ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የመለኪያ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ኢስትራዲዮልን የጻፈው ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በሚባለው መለኪያ ነው። ሁለተኛው ፒኮሞል በሊትር በሚባለው። ሁለቱም በዓለም ላይ ይሠራባቸዋል፤ ስፋታቸው ግን እንደ ኪሎና ፓውንድ የተለያየ ነው። ከፒኮሞል ወደ ፒኮግራም ለመመለስ ቁጥሩን ለ3.67 ማካፈል ነው። 984 ሲካፈል 268 ይሆናል። ከ16 ወደ 268 አሁንም ትልቅ ዝላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ግን የሚጠበቅ ዝላይ ነው። 60 እጥፍ ነው ብላችሁ ከደነገጣችሁ እንደ እኔ ናችሁ።

ስለዚህ ወረቀት ስትቀበሉ ከቁጥሩ በፊት ከጎኑ ያለውን መለኪያ እዩ። ኤፍ ኤስ ኤች ላይ ይህ ችግር የለም፤ የሚጻፍባቸው ሁለት ስሞች ቢኖሩም ቁጥሩ አንድ ነው።

ሌላም አለ። ሁለቱ ቁጥሮች መነበብ ያለባቸው አንድ ላይ ነው። ሁለተኛው ወረቀቴ ላይ ኤፍ ኤስ ኤች 6.2 ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው «እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ነሽ፣ ምንም የለብሽም» ሊለኝ ይችል ነበር። ያም ስህተት ይሆን ነበር። 6.2 የሆነው 268 ፒኮግራም ኢስትራዲዮል ተጭኖ ስላወረደው ነው። ዝቅ ያለ ጥሪ ሁልጊዜ ጤናማ ጎረቤት አያሳይም፤ መልሱ ጩኸት ሲሆንም ጥሪው ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ኤፍ ኤስ ኤች መታየት ካለበት ደም በፈሰሰ በሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን፣ ኢስትራዲዮልም በተፈጥሮው ዝቅ በሚልበት ጊዜ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይወሰዱ የሚባለው። በወሩ አጋማሽ፣ እንቁላል ሊለቀቅ ሲል፣ ኤፍ ኤስ ኤች በወጣት ሴትም ላይ ለአንድ ሁለት ቀን ከፍ ይላል። የእኔን ደም የወሰዱ ሁለቱም ቦታዎች ግን ስንተኛ ቀኔ እንደሆነ አልጠየቁኝም። ወረቀቱ ላይም ለቀን የተተወ ቦታ የለም።

ሐኪሟ የጠየቀችኝ

ዶክተሯ ከወረቀቶቹ ቀጥላ የጠየቀችኝ ቀን ነው። ስልኬ ላይ አልያዝኩም፤ በታቦት ነው የማስታውሰው ብላት ሳቀች። «እሱ ይበልጥ ይታመናል፤ ቁጠሪልኝ» አለችኝ። መስከረም 7፣ ጥቅምት 5፣ ጥቅምት 26፣ ኅዳር 29፣ ታኅሣሥ 23፣ መጋቢት 12። ወረቀት ላይ በተርታ ጻፈችና በመካከላቸው ያለውን ቀን አሰላች፦ 28፣ 21፣ 33፣ 24፣ 79።

«ይኸው ምርመራሽ» አለችኝ። «ይህን ለማወቅ ደም አያስፈልግም ነበር።»

ያለችኝ ከራሷ የፈለቀ አይደለም። በዓለም ላይ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የሴትን ልጅ ከመውለድ ዕድሜ ወደ ማረጥ የምታደርገውን ጉዞ በደረጃ የከፈሉበት ስትሮ የሚባል ሥርዓት አለ። መጀመሪያ በ2001 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ወጣ፤ በ2012 ተሻሽሎ ታተመ። ዋና መለኪያው የወር አበባ አመጣጥ ነው፤ ሆርሞን ደጋፊ ነው። በተከታታይ በሚመጡ ዑደቶች መካከል 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ሲኖርና ነገሩ ሲደጋገም የሽግግሩ መጀመሪያ ነው። የእኔ ከ28 ወደ 21 ሲወርድ ልክ ሰባት ቀን ነው፤ ከ21 ወደ 33 አሥራ ሁለት፤ ከ33 ወደ 24 ዘጠኝ። ቀጥሎ 60 ቀንና ከዚያ በላይ ደም ሳይታይ መቅረት ሲመጣ የሽግግሩ ሁለተኛ ክፍል ይሆናል፤ ይኸኛው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። የእኔ 79 ቀን እዚያ አስገብቶኛል። በዚህ ክፍል ውስጥ ያለች ሴት ደሟ በማንኛውም ቀን ቢወሰድ ኤፍ ኤስ ኤች ከ25 በላይ ሊገኝ እንደሚችል ሥርዓቱ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ 41 ማለት «በሽግግር ላይ ነሽ» ለሚለው አንድ ተጨማሪ ምስክር ነው። «አልቋል» ማለት አይደለም።

የእንግሊዝ መንግሥት የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2015 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ግልጽ ነው። ዕድሜዋ ከ45 በላይ ለሆነች፣ ሌላ ሕመም ለሌለባትና ምልክቱ ለታየባት ሴት ሽግግሩን ለመለየት ኤፍ ኤስ ኤች አትዘዙ ይላል። ቁጥሩ ስለሚዋዥቅ የሕክምናውን ውሳኔ አይለውጥምና። ከ40 እስከ 45 ባለችና የወር አበባዋ በተዛባባት ሴት ሐኪሙ ሊያስብበት ይችላል። ከ40 በታች ከሆነች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እንቁልጢ ያለ ዕድሜው ሥራ ሲያቆም አጥንትንም ልብንም ስለሚጎዳ ምርመራው የግድ ይላል፤ ያኔም ቢሆን በአንድ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ተደግሞ ነው። ማህፀኗ የወጣላት ሴትም የምትቆጥረው ቀን ስለሌላት ቁጥሩ ሊረዳት ይችላል።

እኔ 46 ነኝ። የሁለት ሳምንት አስቤዛ የከፈልኩበት ምርመራ ለእኔ ያልተባለ ነበር።

ያልተመረመረው

የሚያናድደኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። መታየት የነበረባቸው ርካሽ ነገሮች ሳይታዩ መቅረታቸው ነው።

ዶክተሯ በመጀመሪያ ያዘዘችው የሽንት እርግዝና ምርመራ ነው። «58 ቀን የጠፋባትን ሴት፣ 46 ትሁን 26፣ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው» አለች። እርጉዝ አልነበርኩም። ግን ቀኖቹን አይታ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። የካቲት 21 ጥሪው 41 ከነበረና መጋቢት 12 ደም ከመጣ፣ በመካከል አንድ ከረጢት አድጓል ማለት ነው። እንቁላልም ተለቆ ሊሆን ይችላል። እኛ ጥንቃቄውን የተውነው በዚያችው ሳምንት ነው። በሽግግር ላይ ያለች ሴት የማርገዝ ዕድሏ ቢቀንስም አይጠፋም። ለዚህ የተለመደው ምክር፣ የመጨረሻዋ የወር አበባ ከ50 ዓመት በፊት ከሆነ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በኋላ ከሆነ አንድ ዓመት ሙሉ መከላከያ መቀጠል ነው። ኤፍ ኤስ ኤች 41 ስላለ ብሎ መተው አይደለም።

ቀጥሎ የታይሮይድ ምርመራ አዘዘች፤ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት የወር አበባንም፣ ላብንም፣ እንቅልፍንም ያዛባልና ከሽግግሩ ጋር ይመሳሰላል። ፕሮላክቲን የሚባለውን የወተት ሆርሞንም አየች። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ከዚያ የደም መጠኔን አየች። ሄሞግሎቢን 9.1። ለሴት መነሻው 12 ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የሚጠበቀው ከዚያም ከፍ ይላል። ደረጃ ስወጣ የሚደክመኝ፣ ልቤ የሚመታው፣ «ዕድሜ ነው» እያልኩ ያለፍኩት ሁሉ ደም ማነስ ነበር።

ለምን ያን ያህል ደም ፈሰሰ? እዚህም ጎረቤቶቹ ይመለሳሉ። ኢስትራዲዮል የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳድገዋል፤ እንደ ሣር ነው። እንቁላል ሲለቀቅ የሚመጣው ሌላው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ሣሩን ያረጋጋውና በጊዜው በአንድነት እንዲረግፍ ያደርገዋል። በሽግግር ጊዜ ብዙ ወር እንቁላል ሳይለቀቅ ያልፋል። ኢስትራዲዮል ያሳድጋል፣ የሚያረጋጋ የለም፤ ሽፋኑ ይወፍርና በራሱ ጊዜ፣ ሳይስተካከል፣ ለብዙ ቀን ይፈርሳል።

እንዲህ ያለ ደም በሽግግር ጊዜ የተለመደ ቢሆንም ዝም አይባልም። ከ45 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ደሟ ሲዛባና ሲበዛ የማህፀኑ ሽፋን ናሙና መታየት አለበት። በአልትራሳውንድ ታየ፤ ቀጭን ቱቦ አስገብታ ናሙና ወሰደች። ደቂቃ አልሞላም፤ ያማል፣ ግን ይቻላል። ውጤቱ በአሥር ቀን መጣ፤ ምንም የለም። ያን ቀን እህቴና እኔ ከሆስፒታሉ በር ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ የብረት እንክብልና ሽፋኑን የሚያረጋጋ ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት ጀመርኩ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ያ የመጀመሪያው ወረቀት በሁለት በኩል ጎዳኝ። ያልነበረብኝን ማረጥ ሰጥቶ የተለመደውን ደም ካንሰር አስመሰለብኝ። የነበረብኝን ደም ማነስ ደግሞ ሸፈነብኝ።

ቁጥሩ የሚያታልልባቸው ሌሎች ቦታዎች

ይህን ስነግራቸው ብዙ ሴቶች የራሳቸውን ወረቀት አሳዩኝ። ሁለት ነገር ደጋግሜ አየሁ።

አንደኛው የእርግዝና መከላከያ ነው። የሚዋጠው እንክብል ጥሪውን ዝም ስለሚያሰኝ ኤፍ ኤስ ኤች ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ በየወሩ የሚመጣው ደምም የመድኃኒቱ እንጂ የእንቁልጢው አይደለም። በየሦስት ወሩ የሚወጉት መርፌ ደግሞ የወር አበባን ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል። መርፌ እየወሰደች «አረጥኩ» ብላ የምታለቅስ ጎረቤት አለችኝ። እነዚህን እየወሰዱ የሚደረግ የኤፍ ኤስ ኤች ምርመራ ለመተርጎም አስቸጋሪ ነው፤ ቀኑም መቆጠር አይችልም። በክንድ ሥር የሚቀበረውም ደምን ያዛባል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።

ሁለተኛው ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ነው። መጠኑ ከፍ ሲል በአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ላይ ኤፍ ኤስ ኤችን ዝቅ፣ ኢስትራዲዮልን ከፍ አድርጎ በሐሰት ሊያሳይ ይችላል። ደም ከመስጠታችሁ በፊት እንደምትወስዱት ተናገሩ፤ ስንት ቀን እንደምታቆሙም ጠይቁ።

አሁን

ከመጋቢት 12 በኋላ ሚያዝያ 19 መጣ፣ በ37 ቀን። ከዚያ ሰኔ 27፣ በ68 ቀን። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሊሞላኝ ነው፤ አላየሁም። ደም ማነሱ ተስተካክሏል። ሌሊት ላቡ አልፎ አልፎ ይመጣል። «አሁንስ አረጥኩ ወይ? ልመርመር?» ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኳት። «ቁጠሪ» አለችኝ። «ነገ ከመጣ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። 12 ወር ከሞላ አርጠሻል። ከዚያ በኋላ ጠብታ ብታዪ ግን በዚያው ቀን ነይ። ገንዘብሽን ለጤፍ አድርጊው።»

ሐኪሞችን ለመዝለፍ አይደለም የጻፍኩት። በሦስት ደቂቃ አንድ ሰው ማየት ያለበት ሐኪም ቀስት ያለበትን ወረቀት ማመኑ አይገርመኝም። የሚገርመኝ ለጥያቄ ጊዜ የሌለው ሥርዓት ለፓኬጅ ቦታ ማግኘቱ ነው። «መጨረሻ መቼ አየሽ? ከዚያ በፊትስ?» የሚለው ጥያቄ ምንም አያስወጣም፤ ስለዚህ ማንም አይሸጠውም። አርባዎቹን ላጋመሰች ሴት ግን ከሁለቱም ሆርሞኖች ይልቅ የሚናገረው እሱ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «በማርያም መጣ፣ በጊዮርጊስ ሄደ» እያለች ግን ሃምሳ ዓመት እስኪሞላት ሳትስት ያዘች። የእሷ መዝገብ ከእኔ ወረቀት ይበልጥ ነበር።

እህት፣ ሚስት፣ እናት ላላችሁ አካፍሉት። ቸር ሰንብቱ።